ታርቀናል፤ ነገ ጠዋትስ ማን የት ይቆማል?

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ በመሀል ተቀምጧል፤ እኔ መዝገብ ይዤ ጥግ ላይ። ካቦው ያደረገውን አመነ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፋይሉ ውስጥ ገባ። እሷ አንገቷን አቀርቅራ «ይቅር ብያለሁ» አለች። ተጨባበጡ፣ ቡና ተጠጣ፣ ተመረቀ። ሥራ አስኪያጁ እየሣቀ «በቃ፣ ነገ ሁላችሁም በጊዜ ግቡ» አለ። ጉዳዩ ተዘጋ ተባለ።

በስምንተኛው ቀን ልጅቷ ሥራ አቆመች። መዝገቡ ላይ «በራሷ ፈቃድ ቀረች» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች አንድ መስመር ምክንያት ነው።

ቦታው ገደብ ወረዳ ውስጥ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። ስሙ ይቅር። ማጠቢያ ጣቢያ ገብታችሁ ለማታውቁ፣ ሥራው እንዲህ ነው፦ በመኸሩ ወራት ገበሬው ቀይ እሸት ቡና ያመጣል፣ ይመዘናል፣ ማሽኑ ይፈለፍላል፣ ገንዳ ውስጥ ይብላላል፣ ታጥቦ ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ ረጅም አልጋ ላይ ይሰጣል። አልጋው ላይ ፀሐይና ነፋስ ሲፈራረቁበት ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሴቶቹ ከአልጋው ወዲህና ወዲያ ፊት ለፊት ቆመው እያገላበጡ የተበላሸውን ይለቅማሉ። በሁለት ሰው መካከል ያለው ርቀት የአልጋው ወርድ ነው፤ እጅ ለእጅ ይነካካል። ካቦው በመሀል ይመላለሳል። ጠዋት ስም የሚጠራው እሱ ነው፣ አልጋ የሚመድበው እሱ ነው፣ ማታ መኪና ሲመጣ ለትርፍ ሰዓት ማን እንደሚቀር የሚመርጠውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ዕርቁ ማግስት እንመለስ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ካቦው እንደወትሮው ስም ጠራ። የሷን ዘለለ። ሰው ሁሉ ዝም ሲል «ኧረ ረስቼሽ ነው እቴ!» ብሎ ሣቀ፤ ሌሎችም ሣቁ። በሦስተኛው ቀን ከጓደኞቿ ተለይታ በቆሻሻ ውኃው ጉድጓድ በኩል ያለው የመጨረሻው አልጋ ላይ ተመደበች። «ለደኅንነቷ ብለን ነው፣ እንዳይገናኙ» ተባለ። ያሰበውም ሥራ አስኪያጁ ነው፤ በቅን ልቦና ይመስለኛል። ትርፍ ሰዓት ቀረባት። ያዩዋት ሴቶች ደግሞ «ከሳሿ» ማለት ጀመሩ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን ነጥላችሁ ብታነሡ ጥፋት አይመስልም። ስም መርሳት ያለ ነው፣ አልጋ መቀየር ያለ ነው። ተደምሮ ግን ሰውን ያባርራል።

ስለዚህ የምቃወመውን በግልጽ ልናገር፦ ዕርቅን አልቃወምም። ዕርቅን እንደ ሥራ ምደባ መጠቀምን ነው የምቃወመው። ሽምግልና «ምን ተደረገ፣ ማን ይቅርታ ይጠይቅ» ለሚለው መልስ አለው። «ነገ ስም ማን ይጠራል?» ለሚለው ግን ሽማግሌ አልተጠየቀም፤ ሥራ አስኪያጁም አልጠየቀም። ጥያቄው ባለቤት ስላጣ አሮጌው ሥርዓት ራሱ መለሰው። አሮጌው ሥርዓት ደግሞ ካቦው ነው።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል፤ ክልከላው አሠሪውንም፣ የሥራ መሪውንም፣ ሠራተኛውንም ይመለከታል። አንቀጽ 32 ደግሞ አሠሪ ወይም የሥራ መሪ ትንኮሳ ወይም ጥቃት የፈጸመባት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሥራ እንድትለቅ ይፈቅዳል። ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሕጉ የሠራው መውጫ በር ነው። መሥራት የምትፈልግ፣ የልጆቿ ደብተር በዚያ ክፍያ የሚገዛ ሴት የምትፈልገው መመለሻ በር ነው፤ ስለዚያ ስለ መመለሻዋ ጠዋት አንቀጽ 32 ምንም አይነግራትም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 206 ሌላው ቀርቶ አጥፊው ተጠያቂ ሆኖ፣ ተገቢ በሆነበት ቦታ ወደ ሥራው እንዲቀላቀል ስለመርዳት ይናገራል። እኛ ዘንድ ለሁለቱም የሚደረገው ነገር አንድ ነው፦ «በጊዜ ግቡ»።

የገደብ ሰው ይሄን ነገር ከማንም በላይ ሊያውቀው ይገባል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሏል፤ ገደብም፣ በተለይ ጎቲቲ፣ በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር። በ2011 «ተመለሱ» ሲባል ብዙዎች የጠየቁት ስለ ዕርቅ አልነበረም። የእርሻዬ መንገድ ደኅና ነው ወይ፣ ቤቴ ላይ ጣሪያ አለ ወይ ነበር ጥያቄው። የአንድ ጣቢያን ጠብ ከዚያ መከራ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ መጠኑ አይገናኝም። «ተመለስ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ግን እዚህ አገር ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ልጅቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች፤ የመለሳት ደግሞ መዝገቡ ነው። ታላቅ እህቷ መጥታ «ምን አድርጋችኋት ነው?» አለችኝ። መልስ አጥቼ መዝገቡን ከፈትኩ። ከአቤቱታው በፊት በነበረው የአሥራ አምስት ቀን ክፍያ 14 ቀን ሠርታለች፣ 5 ማታ ትርፍ ሰዓት ገብታለች። ከዕርቁ በኋላ በሠራችባቸው ቀናት ትርፍ ሰዓት ዜሮ፣ የአልጋ ቁጥሯም ሦስቴ ተቀይሯል። የማንም ሌላ ሠራተኛ አልጋ አልተቀየረም። መዝገቡን ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እሺ፣ ጻፈው» አለኝ።

የጻፍነው አንድ ገጽ ነው። መጀመሪያ ለብቻዋ ጠየቅናት፤ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ማለት ጥያቄ አይባልም። የፈለገችው ከጠበቅነው ያነሰ ነበር። ይባረር አላለችም። ከጓደኞቿ አልጋ አትንኩኝ አለች፤ ስሜን እሱ አይጥራው አለች። በዚያ ላይ ተነሥተን ጻፍን። ስም የምጠራውና አልጋ የምመድበው እኔ ሆንኩ። የሚንቀሳቀሰው እሱ ሆነ፣ እሷ በቦታዋ ትቆያለች፤ እሱ ከአልጋ 1 እስከ 12 ያለውን ይይዛል፣ የሷ 20ኛው ነው። በአንድ ማታ ሁለቱም ትርፍ ሰዓት አይገቡም፣ ተራው አስቀድሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ስለ ሥራ መነጋገር ካለባቸው ሦስተኛ ሰው ባለበት ነው። መልእክት፣ ስጦታ፣ አማላጅ የለም። ለሌሎቹ ሠራተኞች ሥራ አስኪያጁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይናገራል፦ «ጉዳዩ ታይቶ አልቋል፤ በሁለቱም ላይ ስም ማውጣት ክልክል ነው።» በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያም በየክፍያው ማግስት መዝገቡ ይታያል። ወረቀቱ እስከ መኸሩ መጨረሻ ይሠራል።

እሱም ድርሻ ነበረው። ደመወዙ እንደማይነካ፣ ማስጠንቀቂያው እንደ አዲስ እንደማይነሣ ተጻፈለት። «እኔንም "ቅሌታም" ይሉኛል» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ይሉት ነበር። የስም ማውጣቱ ክልከላ «በሁለቱም ላይ» የሚለው ከሱ ጥያቄ የመጣ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ወረቀቱ ፈረሰ። ካቦው በአክስቷ ልጅ በኩል «ከልብሽ ይቅር በይኝ በላት» ብሎ ላከ፤ ከአቮካዶ ጋር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሰምተው ተቆጡኝ፦ «ልጄ፣ ይቅርታ መጠየቅ ጥፋት ሆነ እንዴ?» እኔም «አባቴ፣ አንዴ ጠይቋል፣ እሷም ሰጥታለች። ሁለተኛው ጥያቄ ከሷ ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ እንድትሥቅለት ይፈልጋል» አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ግን አቮካዶው ተመለሰ፣ መጣሱም ቀኑ ተጽፎ ተያያዘ። ያን ቀን ያልተጻፈ ቢሆን ኖሮ በአሥራ አምስተኛው ቀን አክስቲቱ ራሷ ትመጣ ነበር። አገራችንን እናውቃለን።

«ይሄ የፈረንጅ አሠራር ነው፣ እኛ በሽምግልና እንኖራለን» የሚሉኝ አሉ። እስቲ የመሬት ወሰን ጠብ ሲሸመገል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሽማግሌው አስተቃቅፎ አይሄድም። ማሳው ድረስ ይወርዳል፣ በእግሩ ይለካል፣ ምልክት ያቆማል፣ ምስክር ያስቆጥራል። ለእንሰትና ለቡና እግር ይሄን ያህል ከተደከመ ለሰው ሲሆን መተቃቀፍ ብቻ የሚበቃው ለምንድን ነው? አማርኛ ለሚሰማ ጆሮ የወረዳችን ስም ራሱ ሥራውን ይናገራል። ገደብ ነው የጎደለን።

ይሄ ወረቀት የማይሠራበትም ቦታ አለ። ጉልበት የተጨመረበት ጥቃት ከሆነ ፖሊስ እንጂ የአልጋ ቁጥር መልስ አይሆንም፤ እዚያ ላይ አሸማግላለሁ የሚል ሰው ለአጥፊው ነው የሚሠራው። አቤቱታው ካልተረጋገጠም ማንም እንደተቀጣ በማይመስል መንገድ ተራ ብቻ መለየት ነው ያለው። ጣቢያው ትንሽ ሆኖ አንድ ካቦ ብቻ ካለ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጠዋት ተነሥቶ ስም መጥራት አለበት። እንቅልፉ ይቅርበት።

ልጅቷ መኸሩን ጨረሰች። ከካቦው ጋር ወዳጅ አልሆኑም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። በመጨረሻው የክፍያ ቀን ፈርማ ገንዘቧን ከቆጠረች በኋላ ያቺን አሮጌ ገጽ አሳየኝ አለች። «በራሷ ፈቃድ ቀረች» የሚለውን ሰረዝኩና ከጎኑ የቀረችበትን ምክንያት ጻፍኩ። አንብብልኝ አለች፤ አነበብኩላት። መቀነቷን እያጠበቀች ወረቀቱ በመኸሩ እንደሚያበቃ አስታወሰችኝ፦ «ከርሞም እሱ ካቦ ነው አሉ። አዲሱን ማን ነው የሚጽፈው፣ ወንድሜ?»

ሥራ አስኪያጁን ጠይቄዋለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም።