ርካሽ የሚመስለው አክሲዮን

ዘመድዎ ደወለልዎ እንበል። «የባንክ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። የተጻፈው ዋጋ 1,000 ብር ነው፤ ለእኛ በ2,400 ይሰጠናል። ባንኩ አምና በአንድ አክሲዮን 400 ብር አትርፏል፤ አርባ በመቶ ማለት እኮ ነው!»

አርባ በመቶ የሆነው ግን በ1,000 ብር ሲሰላ ነው። እርስዎ የሚከፍሉት 2,400 ስለሆነ፣ ባለሙያዎች የሚያደርጉትን ያድርጉ፤ ዋጋውን ለአንድ አክሲዮን ትርፍ ያካፍሉ። 2,400 ለ400 ሲካፈል 6 ይሆናል። ይህ የዋጋና የትርፍ ንጽጽር ይባላል። ትርፉ ባለበት ከቀጠለ፣ የከፈሉትን ያህል ለማትረፍ ባንኩ ስድስት ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። በተመሳሳይ ዋጋ የሚሸጥ ሌላ ባንክ በአክሲዮን 240 ብር ቢያተርፍ ውጤቱ 10 ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ርካሽ መሰለ።

ችግሩ ያለው «ትርፉ ባለበት ከቀጠለ» የሚለው ላይ ነው። የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ይክፈቱና ትርፉ ከየት እንደመጣ ከሂሳብ መግለጫው ማብራሪያ ይፈልጉ። ለምሳሌ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ ምንዛሪ ዕዳው የበለጠ የውጭ ምንዛሪ ሀብት የነበረው ባንክ ምንም ሳይሸጥ ሀብቱ በብር ሲተመን አደገ። ይህ ጭማሪ በትርፍ ውስጥ ይገባል፤ በየዓመቱ ግን አይደገምም።

በምሳሌያችን ከ400 ብሩ 220ው ከዚህ የመጣ ቢሆን፣ ከማበደርና ከአገልግሎት የተገኘው 180 ብር ብቻ ነው። እንደገና ሲያካፍሉ ውጤቱ 13 ከምናምን ይሆናል። ርካሹ ባንክ ከሁለተኛው ይልቅ ውድ ሆኖ አረፈው።

ገና አላለቀም። ባንኩ ካፒታሉን ለማሳደግ አዲስ አክሲዮን እየሸጠ ከሆነ ያው ትርፍ ለብዙ ይካፈላል። የአክሲዮኑ ቁጥር በሩብ ቢጨምርና ትርፉ ባያድግ፣ 180 ብሩ ወደ 144 ይወርዳል፤ ንጽጽሩም ወደ 17 ይጠጋል። እርግጥ አዲሱ ካፒታል ብድር ሆኖ ሲሠራ ትርፉ ሊያድግ ይችላል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል።

አንዳንዶች ዋጋውን ከትርፍ ይልቅ ከባንኩ የተጣራ ሀብት ጋር ያነጻጽራሉ። የተጣራው ሀብት በአክሲዮን 1,600 ብር ከሆነ፣ 2,400 ብሩ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ይህ ቁጥር እንደ ትርፍ ከዓመት ዓመት አይዋዥቅም። ነገር ግን የባንክ ትልቁ ሀብት ለሰው ያበደረው ገንዘብ ነው፤ ብድሩ ካልተመለሰ በወረቀት ያለው 1,600 ይሸረሸራል። ስለዚህ የተበላሸ ብድርና ለእሱ የተያዘው መጠባበቂያ ስንት እንደሆነ እዚያው ማብራሪያ ውስጥ ይመልከቱ።

ዘመድዎ ተመልሶ ሲደውል «ስንት አተረፈ?» ብቻ አይበሉት። «ከ400ው ዘንድሮም የሚገኘው ስንቱ ነው? ለስንት አክሲዮንስ ይካፈላል?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ከሌለው ሪፖርቱን ይላክልዎት፤ 2,400 ብሩ እስከዚያ ኪስዎ ይቆይ።