አከራይ በጊዜ ይወቅ

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድን ሰው የውጭ ጉዞ ከሁሉ በኋላ የሚሰማው አከራዩ ነው። ቪዛ እስኪመታ ዝም፣ ከተመታም በኋላ ትኬት እስኪቆረጥ ዝም ይባላል። ዓይን ይገባበታል፣ ምቀኛ ይሰማል፣ ነገሩ በመጨረሻ ሰዓት ይበላሻል እየተባለ ወሬው ከወላጅና ከአንድ ሁለት የልብ ወዳጅ አያልፍም። የበረራው ሳምንት ሲደርስ ታዲያ ተከራይ ደረጃውን ወርዶ «እማማ፣ የፊታችን ሐሙስ ልሄድ ነው፤ ቁልፉን ለማን ልስጥ?» ይላል። በዚያ ኪራይ መድኃኒት የሚገዙ፣ ልጅ የሚያስተምሩ እናት በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ከየት ያምጡ?

ይህን ጥንቃቄ አልነቅፍም። ሂደቱ ተጀምሮ በመሃል የቀረበት ሰው ስንት ጊዜ አይተናል። ነገር ግን አከራይ ማወቅ የሚፈልጉት አገሩን፣ ደመወዙን፣ መሥሪያ ቤቱን አይደለም። ቤቱ በየትኛው ቀን ባዶ እንደሚሆን ካወቁ ይበቃቸዋል። «ለሥራ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር ስለምሄድ» የሚለው ሐረግ ምክንያቱን ይገልጻል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ምስጢር ማንም አይጠይቅም። ትሕትና የሚታየውም ቀኑን በጊዜ በማሳወቅ ነው ብዬ አምናለሁ። በ«እጅግ የከበረ ሰላምታ» ተጀምሮ በ«ታላቅ ምስጋና» የሚያልቅ፣ መልቀቂያው ቀን ግን የሌለበት ደብዳቤ ለአከራይ ምንም አይጠቅማቸውም።

ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ ጀርመን አገር ሥራ አግኝታ ስትሄድ ነገሩን ከቅርብ ተከታትዬዋለሁ። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም በወር 12,000 ብር ተከራይታ ነበር። ውሉ የተጀመረው ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን ለሁለት ዓመት ተፈርሞ ወረዳ ተመዝግቧል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያስገድዳል። ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ መውጣቷ ስለሆነ በመጀመሪያ ያነበበችው የራሷን ውል ነበር። የውሉ አንቀጽ 7 ተከራይ ከዘመኑ በፊት ለመልቀቅ ከፈለገች ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ታሳውቃለች ይላል። የሰው ምክር ሳይሆን ይህ አንቀጽ ነው የሚመራት፤ የእርስዎ ውል ሌላ ነገር ካለ የሚመራዎት የእርስዎ ውል ነው።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው መቼ ይሰጥ የሚለው ነው። ሥራው የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2025፣ በእኛ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለመሄጃና ለመደላደያ ጊዜ ተትቶ ወደ ኋላ ሲቆጠር ማስታወቂያው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ መግባት አለበት። ቪዛው ግን ገና ካልተመታ? የተሰጠ ማስታወቂያ ዝም ብሎ አይመለስም፤ አከራይ ወረቀቱን ተቀብለው ቤቱን ለሌላ ቃል ከገቡ በኋላ ቪዛው ቢዘገይ ተከራይዋ መግቢያ ታጣለች። እሷ ያደረገችው ነገሩን በሁለት መክፈል ነው። ሰኔ ላይ ለአከራይዋ በቃል «እማማ፣ አንድ የሥራ ጉዳይ ይዣለሁ፤ ከተሳካ መስከረም አካባቢ ቤቱን ሳልለቅ አልቀርም፤ እርግጠኛ ስሆን በወረቀት አመጣለሁ» አለቻቸው። ፓስፖርቱ ቪዛ ተለጥፎበት እጇ ከገባ በኋላ ወረቀቱን ጻፈች። አከራይዋ በመሃል ሌላ ተከራይ አላነጋገሩም፤ ግን ዜናው ዱብ ዕዳ አልሆነባቸውም።

ከዚያ ጳጉሜ መጣች። ማስታወቂያው የተሰጠው ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። «በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ እለቃለሁ» ብላ ብትጽፍ ማን በምን ይቆጥራል? 60 ቀን ያለ ሰው ሐምሌን 25፣ ነሐሴን 30፣ ጳጉሜን 5 ቆጥሮ ጳጉሜ 5 ላይ ያቆማል። ከወር ወር የቆጠረ ደግሞ መስከረም 5 ላይ ይደርሳል። የበዓል ሰሞን፣ አዲሱ ተከራይ ዕቃውን መኪና ላይ ጭኖ በር ላይ ሲቆም፣ እነዚህ አምስት ቀኖች ጠብ ያስነሳሉ። ኪራይዋ የሚሞላው በወሩ 5 ስለሆነና በልማድ ለጳጉሜ ቀኖች ለብቻ ስለማይከፈል መስከረም 5ን መረጠች። ደብዳቤው ላይም የወር ብዛት ብቻ ሳይሆን ቀኑን ራሱን ጻፈች። የአውሮፓውያኑ ቀን በእኛ ወረቀት ላይ አልገባም፤ ትኬቱ ላይ ያለውን ቀን አከራይ አይቆጥሩበትም።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ትንሽ ቆየን። አዋጁ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ እሷም ስትገባ 24,000 ብር ከፍላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሩ በሞላ ቁጥር ኪራዩን በባንክ እያስገባች ስለኖረች ሁለቱ ወር አልተነካም። አከራይዋ ግን ይህን ገንዘብ ሲያስቡት የኖሩት ለተሰበረ መስታወት፣ ለተቦረቦረ ግድግዳ መያዣ አድርገው ነው። ውሉ «የሁለት ወር ቅድሚያ ኪራይ» ይላል፤ «ማስያዣ» የሚል ቃል የለውም። ብዙ መልካም ጉርብትና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ተከራይ «ከእጅዎ ካለው ይታሰብ» ብሎ መክፈል ያቆማል፣ አከራይ «ተከዳሁ» ይላሉ። መብቷ ነው፤ ቅድሚያ ኪራይ ለኪራይ ይውላል። ሆኖም መያዣ አለኝ ሲሉ የኖሩ እናት ባዶ እጃቸውን መቅረታቸውን ማወቅና ሌላ ዋስትና መስጠት ደግሞ የእሷ ፈንታ ነው ብዬ ነገርኳት፤ ተቀበለችኝ። እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለወ/ሮ ………
ጉዳዩ፦ የቤት ኪራይ ውል ስለማቋረጥ ማሳወቅን ይመለከታል

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈራረምነው ውል የተከራየሁትን ባለ አንድ መኝታ ቤትዎን፣ ለሥራ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር ስለምሄድ፣ በውሉ አንቀጽ 7 መሠረት መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የምለቅ መሆኔን አሳውቃለሁ። እስከ ዛሬ ያለውን ኪራይ ዛሬ በባንክ ያስገባሁ ሲሆን፣ ከዛሬ እስከምለቅበት ቀን ያለው የሁለት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከከፈልኩት 24,000 ብር እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ። ነሐሴ 20 ቀን ቤቱን አብረን አይተን የሚጠገን ካለ ከመውጣቴ በፊት በራሴ ወጪ አስጠግናለሁ። ከወጣሁ በኋላ ለሚመጣው የውሃ ሒሳብ በርክክቡ ዕለት ገንዘብ እተዋለሁ። አዲስ ተከራይ ቤቱን ማየት ቢፈልግ ከቀኑ አስቀድሞ ቢነገረኝ በደስታ አሳያለሁ። በቤትዎ በሰላም ስለኖርኩ ከልብ አመሰግናለሁ።»

ምስጋናው ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር አላስፈለገውም። ነሐሴ 20ን የጨመረችው መያዣ የሌላቸውን እናት ስጋት ለማቅለል ነው፤ ርክክቡ ሊደርስ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቀር ጉድለቱ ከታየ ጊዜም ገንዘብም አለ። በዚያ ቀን የመጸዳጃ ቤቱ በር ማጠፊያ መላላቱና መጋረጃ የተሰቀለበት ግድግዳ መቦርቦሩ ታየ። ማጠፊያው ተቀየረ፣ ቀዳዳው በጀሶ ተደፍኖ ቀለም ተቀባ። የግድግዳው አጠቃላይ መደብዘዝ ግን ሰው ሲኖርበት የሚመጣ ስለሆነ ማንም አላነሳውም።

ደብዳቤውን በስልክ አልላከችም። በሁለት ቅጂ አዘጋጅታ ይዛ ሄደች፤ ቡናው ቀረበ፣ ዓይናቸው ደከም ስላለ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «ልጄ፣ አገር ልትለቂ ነው እንዴ?» አሉና ቆይተው «እንዲህ አስቀድሞ የነገረኝ ተከራይ የለም» አሉ። ሁለተኛው ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ቀኑና ፊርማቸው ሰፈረ። ይህን ማስፈረም ብዙ ሰው ያፍርበታል፤ እማማን እንደማላምናቸው ይመስልብኛል ይላል። ፊርማው ግን ሁለቱንም ይጠብቃል። ነገ የአከራይ ልጆች መጥተው «ሳትናገሪ ነው የወጣሽ፣ የሁለት ወር ክፈይ» ቢሉ፣ እናትየዋ ራሳቸው ባይታወሳቸው እንኳ ወረቀቱ ይናገራል። አከራዩ አልፈርምም ካሉ ደግሞ ሁለቱም የሚያውቋቸው ሁለት ሰዎች ባሉበት ተሰጥቶ እነሱ ይፈርሙበታል።

የሥራ ባልደረባዋ የሆነች ልጅ ቤቱን በዚያው ዋጋ «ልቀበልሽ» ብላት ነበር። ዕቃ ሳይነሳ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ግን ውሉ የእሷና የአከራይዋ እንጂ የጓደኛ ስጦታ አይደለም። ልጅቷን ወስዳ አስተዋወቀቻቸው፤ ለማከራየት የወሰኑት እሳቸው ናቸው፣ አዲስ ውል ተፈረመ።

መስከረም 5 ቀን የርክክቡ ወረቀት አጭር ነበር፦ የመብራት ቆጣሪው ካርድ ከነቀሪ ሒሳቡ፣ የውሃ ቆጣሪው ንባብ፣ ሦስት ቁልፎች፣ ለጥበቃና ለጽዳት እስከ ነሐሴ ድረስ የተከፈለበት የሕንፃው ማኅበር ደረሰኝ። የመብራቱ ካርድ ቅድሚያ የሚሞላ ስለሆነ ዕዳ አያስቀርም፤ ውሃው ግን ዘግይቶ ስለሚመጣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወር ቢሎች አይታ፣ ከእነሱ የበዛውን በሁለት አባዝታ አስቀመጠች።

የቀረው ወረዳ ነው። ውሉ ሲመዘገብ በስሟ ስለተመዘገበ፣ መቋረጡ ካልተነገረ መዝገቡ ላይ ተከራይ ሆና ትቀጥላለች፤ አዲሷ ልጅ ውሏን ልታስመዘግብ ስትሄድም ቤቱ በሌላ ሰው ስም ተይዟል መባሉ አይቀርም። ስለዚህ እሷና አከራይዋ አብረው ሄደው መቋረጡን በጽሑፍ አሳወቁ። በዚያው ሳምንት ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳ ለእናቷ ውክልና ሰጠች፤ የሚመለስ ገንዘብ ወይም የሚጎድል ፊርማ ቢኖር እናቷ ይጨርሱታል። ይህ ከበረራው በፊት በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ከሄዱ በኋላ ግን ውክልናው በኤምባሲ በኩል ተዘጋጅቶ፣ እዚህም ተረጋግጦ እስኪደርስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።