«አካባቢው» ማለት እስከ የት ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ለማማከር ሥራ የሰጠኝ ቢጋር፣ ያው ቲኦአር የምንለው፣ «በሚዛን ተፈሪና አካባቢው የቡና ገበሬዎችን ሁኔታ አጥንቶ በ30 ቀን ሪፖርት ማቅረብ» ይል ነበር። አንብቤ ፈረምኩ። ጥፋቱ የኔም ነው።

ሚዛን ዙሪያ ያሉትን ቀበሌዎች ጨርሼ ስመለስ «ቴፒስ?» አሉኝ። ሚዛን እኮ ቤንች ሸኮ ዞን ነው፣ ቴፒ ደግሞ ሸካ። ሌላ ዞን ማለት ሌላ የትብብር ደብዳቤ፣ ሌላ የትራንስፖርት ወጪ ነው። 30ው ቀንም የተቆጠረው ከፈረምኩበት ዕለት ነበር፤ ደብዳቤ እስኪወጣ ግማሹ አለቀ። ሪፖርቱ ሦስቴ ተመለሰ፤ መቼ «ተቀብለናል» እንደሚባል የትም አልተጻፈማ!

አሁን ቢሆን እንዲህ አስጽፋለሁ፦ «በቤንች ሸኮ ዞን በ4 ቀበሌዎች 120 ገበሬዎችን መጠየቅ፤ ቴፒን አይጨምርም። የሚረከቡት የተጣራ ዳታ በኤክሴል እና ከ25 ገጽ ያልበለጠ ሪፖርት ነው። 30ው ቀን የሚቆጠረው የዞኑ ደብዳቤ ከደረሰ ጀምሮ ነው። አስተያየት አንዴ፣ በ7 ቀን ውስጥ ይሰጣል፤ ካልተሰጠ ሪፖርቱ እንደጸደቀ ይቆጠራል።»

«ዝርዝር ሲበዛ አሠሪ ይሸሻል» የሚሉ አሉ። ይሽሽ! ቴፒን የፈለገ አሠሪ ያኔውኑ ይናገራል፤ ዋጋውም አብሮ ይጨመራል። መስክ ወጥቶ ከመጨቃጨቅ ሳይፈርሙ መጨቃጨቅ ይሻላል።