ካሬው ይዋሻል

ፕሮግራሚንግ የሚማር ጓደኛ ካላችሁ ይህቺን ጥያቄ ሳትሰሟት አልቀራችሁም። ቁጥሮች በረድፍና በዓምድ ተደርድረዋል፤ ከላይ ከግራ ጥግ ተነሱ፣ ዳር ዳሩን እየዞራችሁ ወደ መሃል ግቡ፣ ያገኛችሁትን ቁጥር በተራ አውጡ። "ስፓይራል ማትሪክስ" ይሏታል፤ ሊትኮድ ላይ 54ኛዋ ጥያቄ ናት። እንጀራ ሲጋገር ላየ ሰው ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሊጡ ከምጣዱ ዳር ይጀምራል፣ እየዞረ ይገባል፣ መሃል ላይ ያልቃል። ልዩነቱ ምጣድ ክብ መሆኑ ነው። ማትሪክስ ረድፍና ዓምድ አለው፤ የረድፉና የዓምዱ ብዛት ሳይተካከል ሲቀር ደግሞ መሃሉ ላይ አንዲት ነጠላ መስመር ልትተርፍ ትችላለች። ጣጣው ሁሉ ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው።

የኛ ጠብ ከጥያቄዋ ጋር አይደለም፤ ከማስተማሪያዋ ምሳሌ ጋር ነው። ሰሌዳ ላይም ይሁን ቪዲዮ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳለው ያው ከ1 እስከ 9 ያለው፣ 3 በ3 የሆነው ካሬ ነው። ለዓይን ያምራል፣ ለመሳል ይቀላል። ነገር ግን የጥያቄዋን ዋና ወጥመድ ካሬ በምንም ተአምር ሊያሳያችሁ አይችልም። ለምን እንደሆነ እስኪ አብረን እንየው።

የተለመደው አሠራር አራት ድንበሮችን መያዝ ነው፤ የላይ፣ የታች፣ የግራና የቀኝ። አንዱን ጠርዝ ሄደን ስንጨርስ ያን ድንበር አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ እንገፋዋለን። በፓይተን ሲጻፍ ብዙ ጀማሪ የሚደርስበት ይህን ይመስላል፤

```
while top <= bottom and left <= right:
    for j in range(left, right + 1):
        out.append(a[top][j])
    top += 1
    for i in range(top, bottom + 1):
        out.append(a[i][right])
    right -= 1
    for j in range(right, left - 1, -1):
        out.append(a[bottom][j])
    bottom -= 1
    for i in range(bottom, top - 1, -1):
        out.append(a[i][left])
    left += 1
```

ኮድ ለማታነቡ ወዳጆቻችን፤ አራት ጉዞ ነው ያለው። በላይኛው ረድፍ ወደ ቀኝ፣ በቀኙ ዓምድ ወደ ታች፣ በታችኛው ረድፍ ወደ ግራ፣ በግራው ዓምድ ወደ ላይ። ከዚያ እንደገና ከአንድ። በ3 በ3 ሞክሩት፤ ልክ ነው። በ4 በ4ም ልክ ነው። 10 በ10 ብታደርጉትም ልክ ነው። ልጁ ይደሰታል፣ ይዘጋዋል፣ ይተኛል።

አሁን አንድ ዓምድ ጨምሩበት። ሦስት ረድፍ፣ አራት ዓምድ፤ በመጀመሪያው ረድፍ 1፣ 2፣ 3፣ 4፤ በሁለተኛው 5፣ 6፣ 7፣ 8፤ በሦስተኛው 9፣ 10፣ 11፣ 12። የመጀመሪያው ዙር ዳሩን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ መሃል ላይ 6 እና 7 ብቻ ይቀራሉ። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር የላይ ድንበርና የታች ድንበር አንድ ረድፍ ላይ ቆመዋል። የመጀመሪያው ጉዞ 6 ይላል፣ 7 ይላል፣ የላይ ድንበርን ወደ ታች ይገፋል። በዚህች ቅጽበት ሥራው አልቋል፤ የቀረ ረድፍ የለም። ኮዱ ግን አላወቀም። ሁለተኛው ጉዞ የሚወርድበት ስለሌለው ባዶውን ያልፋል፤ የቀኝ ድንበር አንድ ይገባል። ሦስተኛው ጉዞ "የታችኛውን ረድፍ ወደ ግራ" ብሎ ይነሳል፤ የታችኛው ረድፍ ማን ነው? ያው አሁን የጨረስነው! እናም 6ን ደግሞ ያወጣዋል፤

```
1 2 3 4 8 12 11 10 9 5 6 7 6
```

አሥራ ሁለት ቁጥር ሰጥተነው አሥራ ሦስት መለሰልን።

ጥፋቱ የት ነው? `while` የሚለው መስመር ድንበሮቹን ይጠይቃል እኮ። ይጠይቃል፤ ግን በር ላይ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቤቱ ባዶ የሚሆነው ደግሞ እንግዳው ከገባ በኋላ ነው። እያንዳንዱ `for` የሚያረጋግጠው የሚሄድበትን አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የቆመበት መስመር ገና ያልተነካ ስለመሆኑ አይጠይቅም። ሦስተኛው ጉዞ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድበት ቦታ መኖሩን ያያል፤ የቆመበትን ረድፍ የመጀመሪያው ጉዞ እንደበላው ግን አያይም። አራተኛውም እንዲሁ ነው፤ የቆመበትን ዓምድ ሁለተኛው ጉዞ በልቶት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው። አንደኛው ገና ከበሩ መግባቱ ነው፤ ሁለተኛው የቆመበትን ዓምድ ደግሞ ከበሩ ወዲህ ማንም አልነካውም።

ካሬው የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው። ጎኑ ሙሉ ቁጥር ከሆነ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው 2 በ2 ነው፤ ያ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉዞዎች ይሟጠጣል፤ ለአራተኛው የሚተርፍ የለም። ጎኑ ጎዶሎ ከሆነ የምትተርፈው አንዲት ሕዋስ ናት፤ የመጀመሪያው ጉዞ እሷን ይወስድና የቀኝ ድንበር ከግራው አልፎ ይገባል፤ ሦስተኛው ጉዞ መሳሳት ቢፈልግ እንኳ የሚሄድበት ርቀት የለውም። ከአንድ ሕዋስ የረዘመ ነጠላ ረድፍ ወይም ነጠላ ዓምድ በካሬ ውስጥ ፈጽሞ አይተርፍም። ስለዚህ ሺህ ካሬ ብትሞክሩ ሺህ ጊዜ "ልክ ነህ" ትባላላችሁ።

ለነገሩ ሊትኮድ ሁለተኛ ምሳሌው 3 በ4 ነው፤ ስለዚህ የረድፉን ስሕተት ያጋልጣል። ልጁም ደንግጦ ሦስተኛው ጉዞ ላይ አንድ `if` ይጨምራል፤ 3 በ4 ይስተካከላል። ጠንቃቃ ከሆነ ገልብጦ 4 በ3 ይሞክራል። እሱም ልክ ይወጣል። አሁን ነው የምር መፍራት።

ምክንያቱም ረድፍና ዓምድ እዚህ ኮድ ውስጥ እኩል አይበድሉም። የተረፈው ረድፍ አራት ሕዋስ ካለው ሦስቱ ይደገማሉ፤ የተረፈው ዓምድ አራት ሕዋስ ካለው ግን የሚደገሙት ሁለት ናቸው። ወደ ላይ ተመላሹ ጉዞ ከመነሳቱ በፊት የላይ ድንበርም የታች ድንበርም አንድ አንድ ስለሚገቡ ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ሕዋስ ይተርፍለታል። ስለዚህ የተረፈው ዓምድ ሁለት ሕዋስ ብቻ ከሆነ ምንም አይደገምም፤ 4 በ3 ላይ የሚተርፈው ደግሞ ልክ እንዲህ ያለ ዓምድ ነው፤ 5 እና 8። ስሕተቱ አለ፤ የሚታይበት ቦታ ግን አላገኘም። አንድ ረድፍ ጨምራችሁ 5 በ3 ብታደርጉት ወዲያው ብቅ ይላል፤

```
1 2 3 6 9 12 15 14 13 10 7 4 5 8 11 8
```

አሥራ አምስት ሰጥተን አሥራ ስድስት ተቀበልን፤ 8 ሁለት ጊዜ መጣች። 3 በ4 እና 4 በ3 ሞክሮ "በቁመትም በወርድም ፈትሼዋለሁ" ብሎ ቃለ መጠይቅ የሚገባ ልጅ አለ። ጠያቂው አንድ ዓምድ ያለው ባለ አምስት ረድፍ ቢሰጠው ስምንት ቁጥር ይወጣል፤ ልጁ አምስት ቁጥር ሰጥቶ ስምንት ሲያይ ራሱን ይጠረጥራል እንጂ የተማረበትን ምሳሌ አይጠረጥርም። እኛን የሚያበሳጨን ይሄ ነው።

መፍትሔው ሁለት መስመር ነው። ከሦስተኛው ጉዞ በፊት ረድፍ መቅረቱን፣ ከአራተኛው በፊት ዓምድ መቅረቱን እንደገና መጠየቅ፤

```
    if top <= bottom:
        for j in range(right, left - 1, -1):
            out.append(a[bottom][j])
        bottom -= 1
    if left <= right:
        for i in range(bottom, top - 1, -1):
            out.append(a[i][left])
        left += 1
```

ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት `if` በቃሉ ይዟቸዋል፤ ለምን እዚያ እንደተቀመጡ ብትጠይቁት ግን ይንተባተባል። ያልገባው ሰው ደግሞ ሌላ ማጣበቂያ ይፈልጋል። ከማጣበቂያዎቹ አንዱ የተደገመውን ቁጥር መሰረዝ ነው፤ "ቀድሞ ከወጣ አታውጣው" ማለት። ሠንጠረዡ የተማሪዎች ውጤት ነው እንበል፤ ሁለት ልጆች 78 አምጥተዋል። ያ ማጣበቂያ የአንዷን ውጤት ይበላዋል፣ ማንም አይሰማም። መታወስ ያለበት የታየው ቦታ እንጂ የታየው ቁጥር አይደለም።

ሌላው ማጣበቂያ ብልህ ነው፤ ረድፍን በዓምድ አባዝቶ ልክ ያን ያህል ቁጥር ሲወጣ ማቆም፣ የተረፈውን መቁረጥ። እውነቱን እንናገር ከተባለ መልሱ ልክ ይወጣል፤ ድግግሞሹ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ጅራቱን ብትቆርጡት ይጠራል። ነገር ግን ይህንኑ ጉዞ ለማንበብ ሳይሆን ለመጻፍ ተጠቀሙበት፤ ባዶ 3 በ4 ሠንጠረዥን ከ1 ጀምሮ እየዞራችሁ ሙሉ። ስሕተት ያለበት ኮድ መሃል ላይ 11ን ይጽፋል፣ ቀጥሎ 12ን ይጽፋል፣ ከዚያ ይመለስና 11 ላይ 13ን ይደርብበታል። ሠንጠረዡ አሁንም አሥራ ሁለት ሕዋስ ነው፤ የሚቆረጥ ጅራት የለም፣ ብዛቱን ቢቆጥሩት ልክ ነው። 11 ብቻ ጠፍታለች።

አስተማሪዎች ሆይ፣ ካሬውን መሳል ካላቆማችሁ ቢያንስ ሁለተኛ አድርጉት። መጀመሪያ 1 በ4 ሳሉ፤ ስሕተት ያለበት ኮድ ሰባት ቁጥር ያወጣል። ቀጥሎ 4 በ1፤ ስድስት ያወጣል። ከዚያ 3 በ5 እና 5 በ3፤ መሃላቸው ሦስት ሕዋስ ያላት ነጠላ መስመር ስላለ ከዳር ተነስቶ ውስጥ የሚደበቀውን ይይዙታል። ሕዋሶቹን ሁሉ በተለያየ ቁጥር ሙሏቸው፤ የወጣውን ቁጥር ቆጥሩ፤ ከተባዛው ከበለጠ መጨረሻ ላይ የወጡትን ቁጥሮች ተመልከቱ። የተደገሙት ከአንድ ረድፍ ከሆኑ የጎደለው ሦስተኛው ጉዞ ላይ ነው፤ ከአንድ ዓምድ ከሆኑ አራተኛው ላይ።