ቅጣት ሲመረጥ ጎረቤታሞች አይለያዩ

ከእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ወደ ጉና ተራራ የሚወጣ ሰው የማሳው መልክ ሲለወጥ ያያል፤ ጤፉ እየቀረ ገብስና ድንች ይበዛል። ከፍታው ሲጨምር ሙቀቱ ይቀንሳል። የቤተሰብን ምርት ለመተንበይ ሁለቱንም ወደ ሞዴሉ ያስገባ ተማሪ፣ እጅግ ስለሚዛመዱ የተራው ሪግሬሽን ኮፊሸንቶች ሲዋዥቁበት ወደ ሪጅ ወይም ወደ ላሶ ይዞራል። ሪጅ ኮፊሸንቶቹን እያኮማተረ ድርሻውን ለሁለቱም ያካፍላል፤ ላሶ ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ይዞ ሌላውን ዜሮ ያደርጋል። የትኛው እንደሚያዝ በናሙናው ዕድል ሊወሰን ስለሚችል፣ ላሶ ሙቀትን መጣሉ ሙቀት ለምርት ፋይዳ የለውም ለማለት አያበቃም።

ይህ በመጠኑም ቢሆን ይታወቃል። ሳይጤን የሚታለፈው የቅጣቱ ልክ፣ ማለትም λ፣ የሚመረጥበት መንገድ ነው። የተለመደው ክሮስ-ቫሊዴሽን ቤተሰቦችን በዕጣ ለ10 ምድብ ይከፍልና በ9ኙ ገምቶ በቀሪው ይፈትናል። ችግሩ ቤተሰቦች በዕጣ ተበትነው የተመረጡ አለመሆናቸው ነው። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት በገጠር የወሰደው ከእያንዳንዱ የቆጠራ ቦታ 12 ያህል ቤተሰቦችን ነው። የእነዚህ ጎረቤታሞች ከፍታና ዝናብ አንድ ወይም ተቀራራቢ ነው፤ በረዶም ቢመታ አብሮ ይመታቸዋል። ለፈተና የተያዘ አንድ ቤተሰብ ካሉት 11 ጎረቤቶች በአማካይ 10 ያህሉ በግምቱ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ሞዴሉ የከፍታንና የዝናብን ቁጥሮች እንደ መንደር መለያ ተጠቅሞ የዚያን ዓመት የመንደሩን ዕጣ ሲሸመድድ ፈተናው ይሸልመዋል። ውጤቱ ከሚገባው ያነሰ λ እና ሐሰተኛ ትንሽ ስህተት ነው።

መፍትሔው ቤተሰብን ሳይሆን የቆጠራ ቦታን በሙሉ ወደ አንድ ምድብ ማስገባት ነው፤ በአር የሚሠራ ሰው ሦስት መስመር ይበቃዋል።

```
ea <- factor(d$ea_id)
g <- sample(rep(1:10, length.out = nlevels(ea)))
cv.glmnet(X, y, foldid = g[as.integer(ea)])
```

ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን ማስኬድ ጉዳቱን ያሳያል። በቆጠራ ቦታ ሲከፈል የስህተቱ መስመር ከፍ ብሎ ዝቅተኛው ነጥብ ወደ ትልቁ λ ከተሻገረ፣ የፊተኛው ምርጫ በጎረቤት መረጃ የተደገፈ ነበር። እርግጥ የቆጠራ ቦታዎቹ ጥቂት ሲሆኑ መስመሩ ስለሚዋዥቅ ዕጣውን ደጋግሞ ማውጣት ያሻል። የስህተቱ ቁጥር ከፍ ማለቱም ለመመረቂያ ጽሑፍ አያምርም፤ ነገር ግን ሞዴሉ ያልታየ ቀበሌን ምርት ይተነብያል ከተባለ ሊቀርብ የሚገባው እርሱ ነው። በዕጣ መክፈል ተገቢ የሚሆነው ዓላማው በዚያው በተጠናው መንደር የጎደለ የጥቂት ቤተሰቦችን መረጃ መሙላት ሲሆን ነው፤ በዚያን ጊዜ ጎረቤቱ በእርግጥም በእጅ አለና።