መጀመሪያ የሚታየው ነጭ ጥላ

በሰባተኛና በዙሪያዋ ባሉ ትንንሽ ክሊኒኮች የደረት ራጅ የሚያየው ብዙ ጊዜ ራዲዮሎጂስት አይደለም። በዕለቱ ተረኛ የሆነው ጠቅላላ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ነው። ውጭ ወረፋ አለ። ታካሚው ትልቁን ፖስታ ታቅፎ ይገባል፣ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ ያነሳል፣ ዓይኑ አንድ ነጭ ነገር ላይ ያርፋል፣ መድኃኒት ይጻፋል፣ ቀጣይ!

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ጤና ስጽፍ ግን ይህ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኛል። ችግሩ ሐኪሙ ማየት አለመቻሉ አይመስለኝም። ችግሩ የመጀመሪያውን ነገር ካገኘ በኋላ ፍለጋውን ማቆሙ ነው። ራዲዮሎጂስቶች ራሳቸው ለዚህ ስም አውጥተውለታል፤ የፍለጋ እርካታ ይሉታል። መድኃኒቱም ፊልሙን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ማንበብ ነው። ይህን ለማስለመድ ደግሞ መቶ ፊልም አያስፈልግም፣ አምስት በደንብ የተመረጡ ይበቃሉ ባይ ነኝ።

አንድ ወዳጄ ሐኪም ስማቸው የተፋቀ አምስት ፊልሞች አሉት። አዲስ ለሚመጡ ባልደረቦቹ እነሱኑ እየደጋገመ ያሳያል። አንዱን አብረን እንየው።

የ28 ዓመት ተሸካሚ ነው። ሦስት ቀን ትኩሳት አለው፣ ያስለዋል፣ ሲተነፍስ ቀኝ ጎኑን ይወጋዋል። ፊልሙ ሲነሳ በቀኝ ሳንባው ግርጌ ያለው ነጭ ጥላ ለእኔም ታየኝ። የሳንባ ምች። ብዙው አዲስ ሐኪም እዚህ ላይ ይጨርሳል አለኝ። ምርመራውም ስህተት አይደለም፤ ሰውየው እውነትም ምች አለበት።

አሁን በተራው እናንብበው። ነጩን ጥላ ለጊዜው እንርሳው። መጀመሪያ ስም፣ ቀን፣ የቀኝና የግራ ምልክት። ከዚያ የሚመረመረው በሽታው ሳይሆን ፊልሙ ራሱ ነው። ሰውየው አየር በደንብ ስቧል? ከፊት በኩል ያሉት የጎድን አጥንቶች ከላይ ወደ ታች ይቆጠራሉ፤ ስድስተኛው አካባቢ ድያፍራሙ፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ከተገኘ ጥሩ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል ወይስ ዞሯል? ከአንገት ሥር ያሉት ሁለቱ አግድም አጥንቶች ውስጠኛ ጫፋቸው ከጀርባ አጥንቱ መሐል እኩል መራቅ አለበት። በዚህ ፊልም እኩል ነው።

ቀጥሎ የአየር ቧንቧው። መሐል ላይ መውረድ ሲገባው ትንሽ ወደ ግራ ተስቧል። ቅደም ተከተሉ ደረቅ ወግ አለመሆኑ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ሰውየው ዞሮ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ቧንቧው ያለ ምንም በሽታ የተሳበ ይመስል ነበር። አለመዞሩን ቀድመን ስላረጋገጥን ግን መሳቡን ማመን እንችላለን። የመጀመሪያው እርምጃ የሚቀጥለውን ያስከፍላል ወይም ያስተማምናል።

ታዲያ ወደ ግራ ምን ሳበው? በቀኝ በኩል ብዙ ፈሳሽ ቢጠራቀም ሊገፋው ይችላል፤ ግን የቀኙ ሳንባ የታችኛው ማዕዘን ሹል ሆኖ ይታያል፣ ብዙ ፈሳሽ የለም። በቀኝ ግርጌ ያለ ተራ ምችም ወደ ሌላው ጎን አይጎትትም። ስለዚህ በግራ በኩል የተኮማተረ ነገር መኖር አለበት። ሳንባዎቹ አሁን ግራና ቀኙን በአንድ ከፍታ እያነጻጸሩ ከጫፍ ወደ ታች ይታያሉ። በግራው ጫፍ፣ ከአግድሙ አጥንት ጀርባ፣ ቀኙ ላይ የሌለ ደብዛዛ ጉም አለ። አጥንቱ ስለሸፈነው ፈልጎ ላልሄደ አይታይም።

ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ ይለወጣል። ሳሉ ሦስት ቀን ነው ወይስ ትኩሳቱ ብቻ ነው ሦስት ቀን? ሳሉ ወራት አስቆጥሯል፤ የአቧራ ነው ብሎ ትቶት ነበር። ሌሊት ያልበዋል፣ ሱሪው ሰፍቶታል፣ ክፍል ተጋርቶ ነው የሚያድረው። አክታው ለጂን ኤክስፐርት ይላካል። የሳንባ ምች ብቻ ተብሎ ቢሄድ ኖሮ ትኩሳቱ ይበርድለት ነበር፣ የዳነም ይመስለው ነበር፣ ቲቢው ግን አብሮት ወደዚያች ክፍል ይመለስ ነበር።

ፊልሙ ብቻውን ቲቢ ነው አይልም። የዳነ የድሮ ጠባሳም ልክ እንዲህ ሊመስል ይችላል። የፊልሙ ሥራ አክታ እንድንጠይቅ ማድረግ ነው።

ከሳንባ በኋላ ልብ፣ ከልብ በኋላ ድያፍራም፣ በመጨረሻ አጥንቶችና ሥጋው ይታያሉ። ስለ ድያፍራሙ አንድ ነገር ልበል። ከወዳጄ ፊልሞች አንዱ ሳንባው ንጹሕ ነው፣ ሰው ይገረማል። ነገሩ ያለው በቀኙ ድያፍራም ሥር ነው፤ በድያፍራሙና በጉበቱ መካከል ቀጭን ጥቁር ማጭድ። ጨጓራ ወይም አንጀት ተበስቶ ያመለጠ አየር ነው፣ ቀዶ ጥገና የሚፈልግ። በግራ በኩል ጥቁር ነገር ማየት የተለመደ ነው፣ የጨጓራ አየር ነውና። በቀኝ ግን እንዲህ ያለ ማጭድ ያስደነግጣል። ታካሚው ተኝቶ የተነሳ ከሆነ ይህ አየር ላይታይ ይችላል፤ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ መነሳት አለበት።

የቀሩት ፊልሞች ውስጥ አንዱ ሙሉ በሙሉ ጤናማ ነው፣ ሌላው አየር ሳይስብ የተነሳ ሰው ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው ይጥላል፤ የልቡ ጥላ ይሰፋል፣ የሳንባው ግርጌ ይጨናነቃል፣ የልብ ድካም ይመስላል። የጎድን አጥንት የቆጠረ ሰው ግን አይሸወድም። ጤናማውን ፊልም ከስብስቡ ማውጣት ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነው። ሁሉም ፊልም በሽታ ካለበት ተማሪው በሽታ መፈልሰፍ ይለምዳል።

አንባቢ ሊሞግተኝ ይችላል፤ ልምድ ያላቸው ራዲዮሎጂስቶች በጨረፍታ ያውቁታል እኮ! እውነት ነው። ያ ጨረፍታ ግን ከሺዎች ፊልም የመጣ ነው፣ እሱም ቢሆን ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 24 ራዲዮሎጂስቶች በሲቲ ስካን የሳንባ እብጠት እንዲፈልጉ ተሰጣቸው። ምስሉ ውስጥ የጎሪላ ሥዕል ተደብቆ ነበር። 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲለካ ካላዩት አብዛኞቹ ዓይናቸውን በትክክል ጎሪላው ላይ አሳርፈው ነበር። ስለዚህ ዓይንን በተራ ማዞር ብቻውን አይበቃም። በየቦታው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቧንቧው ተስቧል? ጫፎቹ እኩል ጠቁረዋል? ከልብ ጀርባ ያለው ሳንባ ይታያል? ከድያፍራሙ ሥር አየር አለ?

ለዚህ ነው ወዳጄ ሰዎቹን ጮክ ብለው እንዲያነቡ የሚያስገድዳቸው። ነጭ ጥላውን ቢያዩትም ተራው እስኪደርስ መጥራት አይፈቀድም። በሳምንቱ ያንኑ አምስት ፊልም አደባልቆ ይመልስላቸዋል። መልሱን ሸምድደውታል፤ እሱ ግን የሚመዘግበው የዘለሉትን ቦታ ነው። አንዱ ሁሌ አጥንቶቹን ይዘላል፣ ሌላዋ የሳንባ ጫፍ ትረሳለች። አምስት ፊልም በሽታዎችን አያስተምርም፣ ለዚያ ብዙ ፊልምና ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። የራስን የመዝለል ልማድ ግን በደንብ ያጋልጣል።

አንድ ነገር ለታካሚዎችም። ራጃችሁን አትጣሉ፣ ቤት ቆጥ ላይም ቢሆን አስቀምጡት። ያ ተሸካሚ የሦስት ዓመት ፊልም ቢኖረውና በግራው ጫፍ ያው ጉም በዚያው መጠን ቢታይ፣ ሐኪሙ ጠባሳ ነው ብሎ ወደ መገመት ያደላ ነበር፤ አክታውን ግን ያም ሆኖ ይልከው ነበር። በድሮው ላይ ከሌለ ደግሞ ነገሩ አዲስ ነው። ወዳጄ ፊልም ወደ መብራት ከማንሳቱ በፊት የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፤ ከዚህ በፊት ተነስተህ ታውቃለህ? የት አለ?