ፎቶ የማይነሣው ሥራ፤ የአንድ መጋዘን የጊዜ ሰሌዳ የሚያስተምረን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በተለያዩ አገሮች የምንኖር ዐሥራ አንድ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን በአዳማ አቅራቢያ መጋዘን ማሠራት ጀመርን። እኔም ከአዋጪዎቹ አንዷ ነበርሁ። ሥራ ተቋራጩ በየሳምንቱ ፎቶ ይልክልን ነበር፤ የተጠረገ ቦታ፣ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የተሞላ ኮንክሪት። በዘጠነኛው ሳምንት መሠረቱ ሲጠናቀቅ የደስታ መልእክት ተለዋወጥን። እንዲያውም ከመካከላችን አንዱ ለሠራተኞቹ የትርፍ ሰዓት ከፍለን ሥራውን እናፋጥን የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ እኛም ተስማማን። ለብረቱ ግዥ የሚያስፈልገው ሌተር ኦፍ ክሬዲት ግን የተከፈተው በዚያው ሳምንት ነበር፤ በዕቅዱ መሠረት መከፈት የነበረበት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ስለ እርሱ የጠየቀ አልነበረም። የባንክ ወረቀት ፎቶ አይነሣም።

ስሕተታችንን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ የጊዜ ሰሌዳውን ራሴ ቁጭ ብዬ ሳሰላ ነው። ስሌቱ አዲስ አይደለም፤ በ1957 የዱፖንቱ ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ የቀመሩት ‹‹ክሪቲካል ፓዝ›› የተባለው ዘዴ ነው። ከመደመርና ከመቀነስ ያለፈ ሒሳብም አይጠይቅም።

የእኛ መጋዘን ሁለት መንገዶች ነበሩት። አንደኛው የመሬቱ መንገድ ነው፤ ቦታ መጥረግና መቀየስ 2 ሳምንት፣ ቁፋሮ 3 ሳምንት፣ የመሠረት ኮንክሪትና ጥንካሬ እስኪያገኝ ውኃ ማጠጣት 4 ሳምንት። ሁለተኛው የብረቱ መንገድ ነው፤ ከንድፍ ማጽደቅና ከባንክ ጉዳይ እስከ ፋብሪካ፣ መርከብና ጉምሩክ ድረስ 14 ሳምንት። ሁለቱ የሚገናኙት ብረቱ በመሠረቱ ላይ ሲተከል ነው፤ ይህ 4 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ ጣራና ግድግዳ ማልበስ 3፣ በጣራው ጥላ ሥር የወለል ኮንክሪት 4፣ በመጨረሻም በርና መብራት 2 ሳምንት ይከተላሉ።

የመጀመሪያው ስሌት ወደፊት ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ሥራ ቢፈጥን መቼ ሊጀመርና ሊያልቅ እንደሚችል ይጠይቃል። ከዜሮ ተነሥተን ስንደምር መሠረቱ በ9ኛው ሳምንት፣ ብረቱ በ14ኛው ይደርሳል። ተከላው ሁለቱንም ስለሚጠብቅ የሚጀመረው ከሁለቱ ቁጥሮች በትልቁ፣ በ14 ነው። ተከላው በ18፣ ጣራው በ21፣ ወለሉ በ25፣ መጋዘኑ በጠቅላላ በ27ኛው ሳምንት ያልቃል።

ሁለተኛው ስሌት ከ27 ተነሥቶ ወደኋላ ይመለሳል፤ የማስረከቢያው ቀን ሳይዛነፍ እያንዳንዱ ሥራ ቢዘገይ እስከ መቼ ሊዘገይ እንደሚችል ይጠይቃል። ስንቀንስ ወለሉ በ21፣ ጣራው በ18፣ ተከላው በ14 መጀመር አለባቸው፤ ብረቱም በዜሮ። መሠረቱ ግን በ14 ቢያልቅ ይበቃል፤ ስለዚህ እስከ 10 ድረስ ሳይጀመር ሊቆይ ይችላል። ቁፋሮው እስከ 7፣ ጠረጋው እስከ 5።

በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው ልዩነት መሐንዲሶች ‹‹ፍሎት›› የሚሉት ነው፤ እኔ ፋታ እለዋለሁ። የመሬቱ ሥራዎች የ5 ሳምንት ፋታ አላቸው፤ ብረቱና ከእርሱ የሚከተሉት ሁሉ ዜሮ። ፋታ የሌለው ሰንሰለት ወሳኙ መንገድ ነው። የመጋዘናችን ወሳኝ መንገድ የጀመረው ከአፈር ሳይሆን ከባንክ ጠረጴዛ ነበር።

በዚህ ዐይን የትርፍ ሰዓት ክፍያችን ምን እንደገዛልን ተመልከቱ። መሠረቱ ከ9 ወደ 8 ቢወርድ ተከላው ያው በ14 ነው። በኢኮኖሚስት ቋንቋ፣ ፋታ ባለው ሥራ ላይ የምትቆጠብ የአንድ ሳምንት ዋጋ ዜሮ ነው። በአንጻሩ ከብረቱ መንገድ የምትቆጠብ እያንዳንዷ ሳምንት ማስረከቢያውን በአንድ ሳምንት ታቀርባለች፤ እርሷም እስከ 5 ሳምንት ብቻ። ብረቱ በ9 ከደረሰ የመሬቱም መንገድ ፋታውን ይጨርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አንዱን ብቻ ማፋጠን ዋጋ የለውም።

ፋታ ሌላም ወጥመድ አለው። በሠንጠረዡ ላይ ከጠረጋ፣ ከቁፋሮና ከመሠረት ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ ‹‹5›› ተጽፎ ሲታይ ዐሥራ አምስት ሳምንት ያለ ይመስላል። ያለው ግን አንድ የጋራ አምስት ነው። ቀያሹ 3 ሳምንት፣ ቆፋሪው ደግሞ ሌላ 3 ሳምንት ቢዘገዩ ሁለቱም ‹‹ከፋታዬ አልወጣሁም›› ሊሉ ይችላሉ፤ መሠረቱ ግን በ15 ያልቃል፣ የመጣው ብረትም አንድ ሳምንት መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ ውሉ ፋታው የፕሮጀክቱ እንጂ የማንም የግል ንብረት እንዳልሆነ በግልጽ ቢናገር ይሻላል።

ዘዴው የራሱ ድክመትም አለው፤ ሳምንትን ይቆጥራል እንጂ ሰማይን አያይም። እኛ የጀመርነው ጥር 1 ነበር። በዕቅዱ መሠረት ጣራው ግንቦት 28 ማለቅ ነበረበት፤ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱ በ6 ሳምንት ሲዘገይ ጣራ የማልበሱ ሥራ ከሰኔ 19 እስከ ሐምሌ 10 ሆነ። ያ ክረምት ነው። ርጥብ ብረት ላይ ሰው አይወጣም፤ ትልልቅ ቆርቆሮም በነፋስ አይነሣም። በስሌቱ ርክክቡ ከሐምሌ 10 ወደ ነሐሴ 22 ብቻ መሸጋገር ሲገባው ጥቅምት አጋማሽ ደረሰ። ከመስከረም ጀምሮ ሊከራየን የተስማማው ነጋዴ በመካከሉ ሌላ ቦታ አገኘ። ስድስት ሳምንት የመሰለው መዘግየት ከእጥፍ በላይ የሆነው ክረምቱ በሰሌዳው ውስጥ ስላልተጻፈ ነው።

ሥራ ተቋራጩ ዋሽቶናል አልልም። የላከው ፎቶ ሁሉ እውነት ነበር። የከፈልነው ለሚታይ ሥራ ስለነበር የሚታየውን አስቀደመ፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ አደርግ ነበር። አንዳንድ ወዳጆቼ ከባሕር ማዶ ሆኖ ሊረጋገጥ የሚችለው የቆመ ግንብ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ክፍያን ከእርሱ ማሰር ብልህነት ነው ይላሉ። ነገር ግን የሌተር ኦፍ ክሬዲት ቅጂና የመርከብ መጫኛ ሰነድ በኢሜይል ይላካሉ፤ ከጠያቂው ባንክና ከመርከብ ድርጅቱም ይጣራሉ። ጉድጓድን ከሩቅ ከመለካት ይቀላል።

ስለዚህ በጋራ ገንዘብ አገር ቤት ለምታሠሩ ሁሉ የምለው ይህ ነው፤ ‹‹ስንት ፐርሰንት ደረሰ?›› ማለትን ተዉት። የተሠራውን ኮንክሪት የሚቆጥር ቁጥር የማስረከቢያውን ቀን አይነግራችሁም። በየወሩ ሁለቱ ስሌቶች በደረሰው እውነት ታድሰው እንዲላኩላችሁና የእያንዳንዱ ሥራ ቀሪ ፋታ እንዲጻፍ በውሉ አስገቡ። ከቅድሚያ ክፍያው ቀጥሎ ያለውን ክፍያም ከመሠረቱ ሳይሆን ከሌተር ኦፍ ክሬዲቱ መከፈት ጋር እሰሩት። እኛ በሦስተኛው ሳምንት ይህን ሠንጠረዥ አይተን ቢሆን የብረቱ ፋታ ከዜሮ በታች መውረድ ሲጀምር እናየው ነበር፤ ለትርፍ ሰዓት ያወጣነውን ገንዘብም የባንኩን ጉዳይ በየቀኑ ለሚከታተል አንድ ሰው እንከፍልበት ነበር።